14 ኮር ወይስ 6 ኮር? የአንድ ደብረ ማርቆስ ቤት ጉዳይ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እህትና ወንድም አንድ ቤት ተከራይተው ይሠራሉ። የፊት ክፍሉ የእህትየው ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ታስተካክላለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ታትማለች። ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበርም የእህል ግዢ ሒሳብ በኤክሴል ትይዛለች። ጓዳው የወንድምየው ስቱዲዮ ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይቀርጻል። ደጀን ይሁን ሉማሜ፣ ቢቸና ይሁን አማኑኤል፣ የጠሩት ቦታ ይሄዳል። ተመልሶ ማታ ማታ ኤዲት ያደርጋል።

ሁለቱም አንድ ዓይነት አሮጌ ኮምፒውተር ነበራቸው። ፕሮሰሰሩ Core i5-4590 ነው፤ 4 ኮር ማለትም አራት የስሌት ክፍል ያለው፣ እስከ 3.7 ጊጋኸርዝ የሚደርስ። ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ማከማቻው ተራ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ። ሁለቱም "ቀርፋፋ ሆነብን" ይላሉ። ገንዘብ አጠራቅመው ሁለት ኮምፒውተር ሊገዙ ተነሡ።

ነጋዴው ያቀረበላቸው ሁለት ያገለገሉ ትልልቅ ዎርክስቴሽን ነበር። ውስጡ ዚዮን E5-2680 v4 አለ። 14 ኮር፣ 28 ትሬድ፣ 32 ጊጋባይት ራም፣ ከትንሽ ኳድሮ K620 ግራፊክስ ካርድ ጋር። "ይሄ የሰርቨር ፕሮሰሰር ነው፤ አሥራ አራት ኮር! ዕድሜ ልካችሁን ትሠሩበታላችሁ" አላቸው። ዋጋውም አጓጊ ነበር። ሌላው አማራጭ Core i5-12400 ያለበት አዲስ ኮምፒውተር ነው። 6 ኮር፣ 12 ትሬድ፣ እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ። ይሄኛው በአንድ ማሽን ከዚዮኑ ይወደዳል። ወንድምየው ስልክ ደውሎ "14 ኮር እያለ 6 ኮር በውድ መግዛት ምን የሚሉት ነገር ነው?" አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከነጋዴው ሱቅ ሳይሆን ከራሳቸው ጠረጴዛ ነው የሚገኘው።

መጀመሪያ አሮጌውን ማየት

አዲስ ከመግዛት በፊት አሮጌው የት ላይ እንደሚያንቅ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚከፈልበት ፕሮግራም አያሻም። `Ctrl+Shift+Esc` ተጭኖ ታስክ ማናጀርን መክፈት፣ `Performance` ውስጥ `CPU` ላይ መግባት፣ ግራፉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ `Change graph to`፣ ከዚያ `Logical processors` መምረጥ ነው። ያኔ አንዱ ግራፍ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ትሬድ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ጎን ለጎን የሚያስኬደው የሥራ መስመር፣ ለብቻው ይታያል። ከዚያ የለመዱትን ሥራ መሥራትና ግራፉን ማየት ብቻ ነው።

የምንፈልገው የግራፉን ቅርጽ ነው። ሁሉም ሳጥኖች ጣሪያ ከነኩ፣ ሥራው ተከፋፍሎ የሚሠራ ነው፤ ኮር ቢጨመርለት ይጠቀማል። በድምሩ የአንድ ኮር ያህል ብቻ ተይዞ ሌላው ሥራ ከፈታ፣ ሥራው አንድ መስመር ላይ ነው የሚሄደው፤ የሚፈልገው ፈጣን ኮር ነው። ሁሉም ዝቅ ብለው ኮምፒውተሩ ግን ካዘገመ፣ ጥፋተኛው ፕሮሰሰሩ አይደለም። ዲስኩን፣ ራሙን ወይም ግራፊክሱን ማየት ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ዊንዶውስ አንዱን ሥራ ከኮር ወደ ኮር ያዘዋውረዋል። ስለዚህ አንድ ሳጥን ብቻ ሞልቶ ላይታይ ይችላል፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይነቃነቃሉ። ያኔ ድምሩን ማየት ይሻላል። 4 ትሬድ ባለው ማሽን ላይ አንድ ሙሉ ኮር ማለት 25 በመቶ ገደማ ነው። 28 ትሬድ ባለው ዚዮን ላይ ግን ያው ሥራ 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሰውየው "ፕሮሰሰሬ 4 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ታዲያ ለምን ይዘገያል?" ይላል። አንዱ ኮር የቻለውን ሁሉ እየሰጠ ነው፤ ሌሎቹ ሊያግዙት አይችሉም።

የእህትየው ጠረጴዛ

የተማሪ ጽሑፍ ከፈተች። ብዙ ሥዕልና ሠንጠረዥ ያለበት ትልቅ ፋይል ነው። ጎን ለጎን ብሮውዘሩ ክፍት ነው፣ ቴሌግራም አለ፣ የግዕዝ መጻፊያውም አለ። ፕሮሰሰሩ ብዙም አልተነካም። ዲስኩ ግን 100 በመቶ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ራሙም ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ይገፋዋል፤ ዲስኩ ደግሞ የሚሽከረከር ነው። የመቀርፈፉ ምክንያት ይሄው ነው። እዚህ ላይ 14 ኮር ቢገባ፣ 6 ቢገባ፣ ልዩነት የለውም። ኮሮቹ የሚጠብቁት ዲስኩን ነው።

የእህል ግዢው ኤክሴል ግን ሌላ ታሪክ ነው። የእያንዳንዱን ገበሬ ርክክብ እየለቀመ በየቀበሌው የሚደምር ማክሮ አለው። ያን ስታስነሣው ድምሩ 25 በመቶ ገደማ ላይ ቆመ። 3 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ተራ የኤክሴል ቀመሮች ከኤክሴል 2007 ጀምሮ በብዙ ኮር ይሰላሉ። በቪቢኤ የተጻፈ ማክሮ ግን በአንድ ትሬድ ብቻ ነው የሚሄደው። ለደቦ አጨዳ አሥራ አራት ሰው ቢጠራ ማሳው ቶሎ ያልቃል፤ በአንድ ጥማድ በሬ በሚታረስ ፈር ላይ ግን አሥራ አራት ሰው ቢቆም እርሻው አይፈጥንም። ማክሮው እንደ ሁለተኛው ነው።

ነጋዴው የዋዛ ሰው አይደለም፤ "ፍላሽ ይዛችሁ ኑና ሞክሩት" አለ። ሞከርነው። ዚዮኑ ያንኑ ማክሮ ከአሮጌው ኮምፒውተር በጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ጨረሰ። አዎ፣ ዘግይቶ። ወንድምየው ሰዓቱን ደጋግሞ አየው። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። አሮጌው i5 በአንድ ኮር 3.7 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ዚዮኑ ለአንድ ኮር ከ3.3 አያልፍም፤ ሁሉም ኮሮች ሲሠሩ ደግሞ ወደ 2.9 ይወርዳል። 14 ኮር በአንድ ቁራጭ ላይ ማጨቅ ሙቀትና ኤሌክትሪክ ስለሚጠይቅ አምራቹ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል። በተፈጥሮው ትውልዱም ከአሮጌው i5 ብዙም አይርቅም። አንዱ 2014፣ ሌላው 2016 የወጡ ናቸው።

i5-12400 ያለበትን ደግሞ ከአንድ ወዳጅ ቢሮ ሞከርነው። ማክሮው 2 ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ።

እዚህ ላይ ስለ ጊጋኸርዝ አንድ ነገር ልበል። 3.7 እና 4.4 ን ብቻ ብናካፍል ልዩነቱ አምስተኛ ያህል ነው። የታየው ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል። ጊጋኸርዝ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ነው የሚነግረን፤ በአንድ ምት ስንት ሥራ እንደሚሠራ አይነግረንም። አዲሱ ትውልድ በአንድ ምት ብዙ ይሠራል። ኢንቴል በ2004 ፔንቲየም 4ን እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ አድርሶት ነበር። በ2006 የወጣው ኮር 2 ዱዎ ከ3 ጊጋኸርዝ በታች ሆኖ በልጦታል። ስለዚህ ጊጋኸርዝ ማወዳደር የሚያዋጣው አንድ ትውልድ ውስጥ ብቻ ነው።

ታዲያ ለእህትየው አዲስ ኮምፒውተር ይገዛ? እኔ አይገዛም ባይ ነኝ። ማክሮውን ከፍቼ ሳየው እያንዳንዷን ሴል በጻፈ ቁጥር ኤክሴል ገጹን እንደገና ይስላል፣ ቀመሮቹንም እንደገና ያሰላል። ከማክሮው መጀመሪያ ላይ እነዚህን ሁለት መስመሮች ጨመርን፦

```
Application.ScreenUpdating = False
Application.Calculation = xlCalculationManual
```

መጨረሻው ላይ ደግሞ መልሰን ከፈትናቸው፦

```
Application.Calculation = xlCalculationAutomatic
Application.ScreenUpdating = True
```

ሦስት ደቂቃው ወደ ሴኮንዶች ወረደ። በዚያው በአሮጌው ኮምፒውተር። የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች መርሳት ግን አደጋ አለው። ማክሮው መሐል ላይ ስህተት ገጥሞት ከቆመም ያው ነው። ስሌቱ በእጅ ላይ ይቀራል፤ ቁጥር ብትቀይሩም ድምሩ አይለወጥም። የገበሬ ክፍያ ያለበት ፋይል ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። `Formulas` ውስጥ `Calculation Options` ገብቶ `Automatic` መሆኑን ማየት ነው።

ለእሷ የተገዛው ኤስኤስዲና ተጨማሪ ራም ብቻ ነው። ራሙ 16 ሆነ። ፋይሉ ወዲያው ይከፈታል፣ ኮምፒውተሩም ሻይ ሳይፈላ ይነሣል። አንድ ገደብ አለው፤ i5-4590 ን ዊንዶውስ 11 በይፋ አይደግፈውም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ ይሄ ለዘለዓለም የሚሆን መፍትሔ አይደለም። ነጋዴው "ዕድሜ ልክ" ያለው ዚዮንም ግን ከዚያው ዝርዝር ውጭ ነው።

የጓዳው ስቱዲዮ

ቪዲዮ ኤዲቲንግ ሲባል ሰው አንድ ሥራ ይመስለዋል። በፕሮሰሰር ዓይን ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ነው። ታይምላይን ላይ ማጫወት አንዱ ነው። ኢፌክት ማዘጋጀት ሌላው ነው። ኤክስፖርት ሦስተኛው ነው። "ለቪዲዮ ብዙ ኮር ግዛ" የሚለው ምክር ከሦስተኛው ብቻ የመጣ ነው። ወንድምየው ግን ምሽቱን የሚያጠፋው በመጀመሪያው ላይ ነው። ይቆርጣል፣ ያጫውታል፣ ይመልሳል፣ እንደገና ይቆርጣል። ኤክስፖርቱን አስነሥቶ እንቅልፉን ይተኛል።

የእሱ ምሬት ታይምላይኑ መንተፋተፉ ነበር። የድሮው ካሜራ የሚያወጣው፣ H.264 በተባለው የቪዲዮ አጨማመቅ የተሠራው ክሊፕ ደህና ይሄዳል። ዘመድ በስልክ የቀረጸው 4ኬ እና የአዲሱ ካሜራ ክሊፕ ግን ይቆራረጣል። ሁለቱም H.265 ናቸው። ግራፉን ስናይ አራቱም ሳጥኖች 100 በመቶ ላይ ናቸው። የመጀመሪያው ምልክት "ኮር ይጨመር" የሚል ይመስላል።

ጠጋ ብሎ ማየት ግን ያስፈልጋል። H.265 ፋይሉን የሚያሳንሰው ብዙዎቹን ፍሬሞች ሙሉ ሥዕል አድርጎ ባለማስቀመጥ ነው። ካለፈው ወይም ከሚመጣው ፍሬም የተለወጠውን ብቻ ይይዛል። አንዷን ፍሬም ለማሳየት ጎረቤቶቿን አስቀድሞ መፍታት ግድ ነው። ይህን በኮሮቹ ጉልበት መፍታት ከባድ ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ክፍል ግን አለ። ኢንቴል ክዊክ ሲንክ የሚለው ሲሆን ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ በሚመጣው ግራፊክስ ውስጥ ይገኛል። በ i5-4590 ውስጥም አለ፤ ግን H.265 ከመስፋፋቱ በፊት የተሠራ ስለሆነ የሚያውቀው H.264 ንና ከእሱ የቆዩትን ነው። የድሮው ካሜራ ለምን ደህና እንደሚሄድ አሁን ገባን።

ወደ ዚዮኑ እንምጣ። E5-2680 v4 አብሮት የሚመጣ ግራፊክስ ጭራሽ የለውም። ስለዚህ ክዊክ ሲንክ የለም። የተገጠመለት K620 ም H.265 ለመፍታት የሚሆን ሙሉ ክፍል የለውም። ሁሉም ነገር በ14ቱ ኮር ትከሻ ላይ ይወድቃል። በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ በፕሪሚየር ሞከርነው። አንድ የስልክ ክሊፕ ብቻውን ከአሮጌው በጣም ተሽሎ ሄደ። ሁለት ክሊፕ ሲደራረብና ትንሽ የቀለም ማስተካከያ ሲጨመርበት መንተፋተፉ ተመለሰ። ፕሮሰሰሩ ግን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ሥራው ለሁሉም እኩል አይከፋፈልም፤ አንዱ የሌላውን ውጤት ይጠብቃል።

በ i5-12400 ላይ እነዚያው ክሊፖች ተጫወቱ፤ ኮሮቹ ዘና ብለው ነበር። ታስክ ማናጀር ውስጥ `GPU` ላይ ሲገባ `Video Decode` የሚለው ግራፍ ብድግ ብሎ ይታያል። ሥራውን ማን እንደያዘው ለማወቅ ይሄ ነው ምልክቱ። የካሜራው ክሊፕ ደግሞ 10 ቢት 4:2:2 የሚባለው የH.265 ዓይነት ነው። ይህን በዴስክቶፕ ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለው የኢንቴል ግራፊክስ ይፈታዋል። ከRTX 50 በፊት የነበሩ የኤንቪዲያ ካርዶች ግን አይፈቱትም። እንዲህ ያለ ካሜራ ያለው ሰው ውድ ካርድ ገዝቶ ታይምላይኑ አሁንም ከተቆራረጠበት፣ ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

ኤክስፖርቱ ላይ ዚዮኑ ክብሩን አሳይቷል። 28ቱም ሳጥኖች ሞሉ። በሶፍትዌር ኤክስፖርት አሮጌው 40 ደቂቃ ያህል የፈጀበትን ቁራጭ ዚዮኑ በ16 ደቂቃ ገደማ ጨረሰው። i5-12400 ደግሞ በ13። ስድስት አዳዲስ ኮሮች አሥራ አራት አሮጌዎችን ደረሱባቸው፣ ጥቂትም አለፏቸው። ከዚያ በኤክስፖርት መስኮቱ ላይ `Performance` የሚለውን `Hardware Encoding` ስናደርገው የ i5-12400 ጊዜ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ዚዮኑ ላይ ያ ምርጫ በክዊክ ሲንክ በኩል የለም። ሃርድዌር ኤክስፖርት በዝቅተኛ ቢትሬት ላይ ጥራቱ ትንሽ ያንሳል። ለቴሌግራም በጣም የተጨመቀ ፋይል ሲሆን ይታወቃል። ለሙሽሮቹ በፍላሽ በሚሰጠው ከፍ ባለ ቢትሬት ላይ ግን ልዩነቱን ማየት ይከብዳል።

14 ኮር አሮጌውን በሦስት ተኩል እጥፍ ለምን እንዳልበለጠው ለማስላት ጂን አምዳል በ1967 ያቀረበው ሐሳብ ይረዳል። ከሥራው 80 በመቶው የሚከፋፈል፣ 20 በመቶው ግን በአንድ መስመር ብቻ የሚሄድ ነው እንበል። ኮሮቹ በፍጥነት እኩል ከሆኑ፣ n የኮሮቹ ብዛት ሲሆን፣ ከአንድ ኮር ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ፍጥነት ይሄ ነው፦

```
1 / (0.2 + 0.8/n)
```

በ4 ኮር 2.5 እጥፍ ይሆናል። በ14 ኮር 3.9 ገደማ። ኮሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመረ፤ ፍጥነቱ ግን በግማሽ ብቻ ከፍ አለ። ኮር እስከ ወዲያኛው ቢጨመርም ከ5 እጥፍ አያልፍም፤ ያ 20 በመቶ ቆሞ ይጠብቃልና። ያን ቁራጭ የሚያሳጥረው ፈጣን ኮር ብቻ ነው።

የተገዛውና ከገዙ በኋላ የመጣው

ለእህትየው አዲስ ስላልተገዛ የተረፈው ገንዘብ ወደ ወንድምየው ማሽን ገባ። i5-12400፣ 32 ጊጋባይት ራም፣ ፈጣን ኤስኤስዲ። ግራፊክስ ካርድ ለጊዜው ይቆይ ተባለ። ሻጩ "አንድ ዓይነት ነው፣ ይሄ ረከስ ይላል" ብሎ i5-12400F ሊሰጠው ነበር። መጨረሻ ላይ ያለችው F ቀላል ፊደል አይደለችም። ኮሩም ፍጥነቱም ያው ነው፤ ግራፊክሱ ግን የለም ማለት ናት። ለዚህ ቤት ደግሞ የተፈለገው በዋናነት እሱ ነው። ለቢሮ ወይም ለጌም ቢሆን ካርድ እስካለ ድረስ F ምንም አልነበረባትም።

ሠርጉ ሲበዛ GTX 1660 የተባለ ያገለገለ የኤንቪዲያ ካርድ ጨመረበት። ወዲያው ደወለ። "ካርድ ገዝቼ ባሰብኝ!" አለ። የስልኩ ክሊፕ ደህና ነው፤ የካሜራው ብቻ ይቆራረጣል። ታስክ ማናጀር ውስጥ ሁለት ግራፊክስ መታየት ሲገባው አንድ ብቻ ነው የሚታየው። ብዙ ማዘርቦርዶች ካርድ ሲሰካ አብሮ የመጣውን ግራፊክስ በራሳቸው ያጠፉታል። ባዮስ ውስጥ ገብቶ አብሮ የመጣው ግራፊክስ እንደበራ እንዲቆይ አደረገው። ስሙ በየማዘርቦርዱ ይለያያል፤ `iGPU Multi-Monitor` የሚሉት አሉ። ከዚያ የኢንቴሉን ድራይቨር ጫነ። ፕሪሚየር ውስጥም `Preferences`፣ ከዚያ `Media` ገብቶ `Enable hardware accelerated decoding` መመረጡን አየ፣ ፕሮግራሙንም ዘግቶ ከፈተ። 1660ው ለኢፌክትና ለቀለም፣ ኢንቴሉ ለካሜራው ክሊፕ ሆኑ።

መብራቱም ሳይነሣ አይታለፍም። ዚዮኑ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ እስከ 120 ዋት እንዲወስድ የተሠራ ነው፤ i5-12400 መነሻው 65 ዋት ነው። መብራት ሲሄድ ያቺ ትንሽዬ ዩፒኤስ የምትይዘው ጊዜ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ኤክስፖርት መሐል ላይ ከተቋረጠ አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። አጭር ኤክስፖርት ራሱ መድን ነው።

አሁንም የሚያዘግመው የሚንቀጠቀጥ ክሊፕን ማረጋጋት ነው። የፕሪሚየሩ `Warp Stabilizer` ክሊፑን ሲመረምር ከጥቂት ኮር በላይ አይጠቀምም። ወንድምየው ትራይፖድ መያዝ ጀምሯል።

ሁለቱ ዚዮኖች ሱቅ አልቀሩም። አንዱን የገዛው ፍኖተ ሰላም ያለ የቤት ዲዛይን የሚሠራ ልጅ ነው። በብሌንደር ሳይክልስ፣ ያለ ጠንካራ ካርድ፣ በፕሮሰሰር ብቻ ሬንደር ያደርጋል። እዚያ ሥራ ላይ ሥዕሉ ወደ ትንንሽ ክፍሎች ይከፋፈላል፣ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ግራፉን ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ፤ 28ቱም ሳጥኖች ጣሪያ ነክተዋል። እኔም ብሆን ለእሱ ያንኑ እመርጥለት ነበር።